«አይችልም» እስኪመጣ ማን ይጠብቃል?

ልደታ ላይ ታክሲ የጠበቀ ሰው ሰላምታ የሚያስቀድም ወያላ ገጥሞት አያውቅም። «ክቡራን መንገደኞች፣ እንደምን አደራችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ሜክሲኮ የምትሄድ አንዲት ታክሲ ይዘንላችሁ ቀርበናል» የሚል ወያላ ቢኖር ኖሮ ባዶ ታክሲ ይዞ ነበር የሚከንፈው። ወያላው የሚለው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ነው። ግሥ የለ፣ ባለቤት የለ፣ ማሰሪያ አንቀጽ የለ። መድረሻውን ይጠራል፤ ሜክሲኮ የሚሄድ ይገባል፣ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ፊቱን ያዞራል። ማንም አይቀየምም።

ይህንን ያነሳነው ስለ ትራንስፖርት ልናወራ አይደለም (እሱንማ ብናነሳው መች ያልቃል!)። ልናወራ ያሰብነው ስለ አጫጭር ቪዲዮዎች ነው፤ ስልካችንን አቁመን ስለምናያቸው፣ ቲክቶክና የዩቲዩብ ሾርትስ ላይ አውራ ጣታችን እየገፋ ስለሚያሳልፋቸው። እዚያ መንደር ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰከንዶች «ሁክ» ይሏቸዋል፤ መንጠቆ እንደማለት ነው። ተመልካቹ የሚቆየው ወይም የሚያልፈው እዚያች ላይ ነው። ሁክ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምረው ሰው ብዛት ደግሞ የሚጽፈውን ሳይበልጥ አይቀርም። ምክሩም አንድ ዓይነት ነው፤ ጩኹ፣ አስደንግጡ፣ «ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ» በሉ።

እኛ በዚህ አንስማማም። የአማርኛ ቪዲዮ መጀመሪያው ላይ ሰው የሚያጣው ጩኸት ስላነሰው አይመስለንም። የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው ጣጣው። ለምን እንዲህ እንዳልን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ።

ከመካከላችን የአንዷ ጓደኛ የሕግ ምሩቅ ናት። የልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይም ናት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አንብባ፣ እንደ እሷ ያለ ተከራይ ማወቅ አለበት ያለችውን በአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ልትነግር ተነሳች። ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። አከራይ ወይም ደላላ «የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈላችሁ ቤቱን ሌላ ሰው ይጠብቀዋል» ሲል ተበድሮ የሚከፍል አለ፤ ሕጉ ግን ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። ይህንን የሚያውቅና የማያውቅ ተከራይ ደላላው ፊት እኩል አይቆሙም።

የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይጀምር ነበር፤

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናላችን ተከታታዮች እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬ ደግሞ አንድ በጣም ጠቃሚ ጉዳይ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።»

ቁጠሩት፤ 16 ቃል ነው። አማርኛን ሳይቸኩል የሚናገር ሰው በአንድ ሰከንድ ሁለት ቃል፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል ይላል። (በስልካችሁ ሰዓት ያዙና ሞክሩት።) ስለዚህ አምስት ሰከንድ ማለት ከ10 እስከ 12 ቃል ነው፤ በጀቱ ይኸው ነው። ከላይ ያለው ሰላምታ በጀቱን ሲጨርስ የደረሰው «አንድ» የምትለው ቃል ላይ ነው። አንድ ምን? አይታወቅም። ተመልካቹ ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ ሳይሰማ ወደ ሌላ ሰው ሠርግ ቪዲዮ ተሻግሯል።

«እና ሰላምታ ይቅር ነው የምትሉት? ባህላችንስ?» የሚለን አይጠፋም። ባህላችንን እናስታውስ። ለእናታችን ደብዳቤ ስንጽፍ ጤናዋን ጠይቀን፣ እኛም ደህና መሆናችንን ነግረን ነው ወደ ነገሩ የምንገባው። ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ስንጽፍ ግን ከላይ «ጉዳዩ፦» ብለን እንጀምራለን፤ ከሥሩም እናሰምርበታለን። ለምን? እናታችን ደብዳቤያችንን ስትጠብቅ ከርማለች፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ግን ጠረጴዛው ላይ ሌላ መቶ ወረቀት አለበት። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፣ ሁለቱም ባህል ናቸው፤ የሚለያቸው አንባቢው ነው። ቴሌቪዥን «ውድ ተመልካቾቻችን» ሲል ተመልካቹ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነበር። ስልክ ላይ የሚገፋ ሰው ግን ማንንም አልጠበቀም። ለእሱ የሚጻፈው «ጉዳዩ፦» ነው። ሰላምታው ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ መጨረሻ ላይም ያምርበታል።

ጓደኛችን ይህንን ተቀብላ ሁለተኛውን ረቂቅ አመጣች፤

«በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት አከራይ ከተከራይ ላይ ከሁለት ወር በላይ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።»

ሰላምታ የለም። ፍሬ ነገሩ አለ። ትክክልም ነው። እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ስላሽ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት»፤ የአዋጁ ቁጥር ብቻ ሲነበብ አሥር ቃል ሆነ! አምስቱ ሰከንድ በቁጥር አለቀ። ቁጥሩ ይቅር አላልንም፤ የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ያነበው ዘንድ ያስፈልጋል። ቦታው ግን አፍ ውስጥ አይደለም። ስክሪን ላይ በትንሹ ይጻፍ፣ ወይም ከቪዲዮው ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ ይግባ።

ቁጥሩን ብናወጣውም ሌላ ችግር ቀረ። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች የሚወዱት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ረጅም፣ የተሟላ፣ በሕግ ሽታ የታጠነ። ግን ዋናው ነገር የት ነው ያለው? የመጨረሻዋ ቃል ውስጥ፣ ያውም የመጨረሻዋ ቃል የመጀመሪያ ፊደሎች ውስጥ። «አይችልም»። እስከዚያች ቃል ድረስ ያለውን የሰማ ሰው ነገሩ «ይችላል» ይሁን «አይችልም» ሊያውቅ አይችልም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስራል፤ አፍራሹንም ከግሡ ጋር ያስረዋል። ለቅኔ፣ ለሙግት፣ ለቀልድ ይህ ጸጋ ነው፤ ሰሚን እስከ መጨረሻው አንጠልጥሎ ይወስዳል። አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ለተቀመጠ ሰው ግን ዕዳ ነው። የአማርኛ ተመልካች የሚያልፈን ትዕግሥት ስለሌለው ነው እያልን እንወቅሰዋለን፤ ዜናውን መጨረሻ ላይ ደብቀን ያስቀመጥነው ግን እኛ ነን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእንግሊዝኛ ቪዲዮ የምናየውን የቃል አሰላለፍ ገልብጠን ብናመጣ አማርኛው ይሰበራል። ደግነቱ የምንናገረው አማርኛ (የምንጽፈው ሳይሆን) መፍትሔውን ድሮ አግኝቶታል። ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛው «ነው»ን ማስቀደም ነው። «ሕጉ የፈቀደው ቅድሚያ ክፍያ ሁለት ወር ነው» ከማለት «ሁለት ወር ነው ሕጉ የፈቀደው» ብንል ዜናው ወደ ፊት መጣ። ቡና ላይ የምንናገረው እንዲህ አይደለም እንዴ? ሁለተኛው ግሡን ተናግሮ ባለቤቱን ማስከተል ነው፤ «አይችሉም እኮ፣ አከራዮች!» እንደማለት። የሰዋስው መምህራችን ቀይ እስክሪብቶ ያነሱብናል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ማንም ግራ አይገባውም። ሦስተኛው ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሰብሮ ለሁለት መክፈል ነው። ጥያቄ፣ ከዚያ የአንድ ቃል መልስ። እያንዳንዱ አጭር ዓረፍተ ነገር የራሱ ግሥ ስላለው ተመልካቹ ማሰሪያውን ፍለጋ አይንከራተትም።

ጥያቄ ስንል ሁሉም ጥያቄ አይደለም። «የቤት ኪራይ አዋጁን ታውቃላችሁ?» ብሎ የሚጀምር ቪዲዮ መልሱ «አላውቅም» ነው፤ የተጠየቀው ሰው መልሶ ጉዞውን ይቀጥላል። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» የምንለው ምላሹ እኛ ዘንድ ስላለ ነው። ጥሩ ጥያቄም ተመልካቹ በሕይወቱ መልስ ያለውን ነው የሚጠይቀው። ትናንት ደላላው ስድስት ወር የጠየቀው ሰው «ስድስት ወር ክፈሉ አሏችሁ?» ሲባል «አዎ!» ይላል፤ አዎ ያለ ሰው ደግሞ ቀጣዩን መስማት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ በአማርኛ የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። «ክፈል አለህ?» ብለን ከጀመርን ሴቶቹን አስወጣን። «ክፈይ አለሽ?» ካልን ወንዶቹን። «ይክፈሉ አሉዎት?» ካልን የባንክ ማስታወቂያ መሰልን። «አሏችሁ» የሚለው ሁሉንም ያስገባል። ሞቅታው ከ«አንቺ» ያንሳል፤ በሩ ግን ሰፊ ነው። ቪዲዮው በትክክል ለሴቶች ወይም ለወንዶች የተሠራ ከሆነ ያኔ ለይቶ መጥራቱ ራሱ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ረቂቅ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጣ፤

«ስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ አሏችሁ? አትክፈሉ!»

ስድስት ቃል፣ ሦስት ሰከንድ ገደማ። ፈጣን ነው፣ ይነክሳል። የሁክ አስተማሪዎቹ ቢያዩት ያጨበጭቡ ነበር። ረጅሙ ክርክራችን የነበረው ግን እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚለው አከራይ ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ እንደማይችል ነው። «አትክፈሉ» ግን ምክር ነው። ይህንን የሰማ ሰው ቪዲዮውን ሳይጨርስ ሄዶ ደላላው ላይ ቢጮህ፣ ቤቱም ለሌላ ቢሰጥበት፣ እኛ ስክሪኑ ላይ ስላገኘነው ተመልካች ልንደሰት ነው? ብዙ ሰው የሚያየው መጀመሪያውን ብቻ መሆኑን ካመንን፣ መጀመሪያው ብቻውን ሲሰማም እውነት መሆን አለበት። በእኛ እምነት ከፍጥነቱም ከድምፁም የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው። በአምስተኛው ሰከንድ ላይ የወጣ ሰው ይዞት የሚሄደው ነገር ስህተት ከሆነ፣ አርባኛው ሰከንድ ላይ ያለው ማብራሪያ አያድነውም።

አራተኛውና የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፤

«ስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ አሏችሁ? አይችሉም። ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ ክልክል ነው።»

አሥራ ሁለት ቃል። «አይችሉም» የምትለው ቃል መጨረሻ ላይ ትመጣ የነበረችው አሁን ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ደረሰች። በጥንቃቄ የተመረጠችው «መጠየቅ» የምትለው ቃልም ሳትጠፋ ተረፈች።

ይህ ጆሮ የሚሰማው ነው። ባቡር ውስጥ ወይም ቢሮ ድምፁን አጥፍቶ ለሚያይ ሰው ግን ይህ ሁሉ ድካም የለም ማለት ነው። ለእሱ ስክሪኑ ላይ የሚጻፍ ያስፈልጋል፤ የተነገረው እንዳለ ሳይሆን የተጨመቀው። «6 ወር ቅድሚያ? አይቻልም!» በቂ ነው። «ስድስት» ብለን በፊደል ከመጻፍ 6ን ማስቀመጥ ዓይን ቶሎ ያነሳዋል። ፊደላችን ላይ ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። በ«ለ» እና በ«ሉ»፣ በ«ከ» እና በ«ኩ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጭረት ናት፤ ወፍራም ጥቁር ጠርዝ የሚጨምረውን ማስዋቢያ ስንጭንባት ትዋጣለች። ስለዚህ ተራ ፊደል፣ ትልቅ፣ ቢበዛ ሁለት መስመር። ከታችኛው ክፍልና ከቀኝ ጠርዝ መራቅም ያስፈልጋል፤ እዚያ የአካውንቱ ስም፣ መግለጫውና የላይክ ምልክቶቹ ይቀመጡበታል። ጽሑፉ ከመሃል ትንሽ ከፍ ቢል ምንም አይሸፍነውም።

ምስሉስ? ጓደኛችን ወንበሯን አስተካክላ፣ ፀጉሯን ነካ አድርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ስትጀምር የነበረው አንድ ሰከንድ ተኩል ተቆረጠ። አሁን ቪዲዮው የሚከፈተው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቁልፍ በያዘ እጅ ነው፤ ሌላ እጅ ሊቀበል ሲዘረጋ ቁልፉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቤት የተከራየ ሰው ያንን እጅ ያውቀዋል። ድምፁም ጽሑፉም ምስሉም ስለ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ሦስቱ ሦስት ነገር ከተናገሩ ተመልካቹ አንዱንም አይሰማ።

ይህ ሁሉ ሠራ አልሠራ እንዴት ይታወቃል? በእይታ ቁጥር አይደለም። ዩቲዩብ ከመጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሾርትስ ላይ ቪዲዮው መጫወት በጀመረ ቁጥር እይታ ብሎ ይቆጥራል፤ ግማሽ ሰከንድ አይቶ የገፋውም ሰው ተቆጥሯል። የሚታየው ተመልካቹ በየሰከንዱ ስንት እንደቀረ የሚያሳየው የመቆየት ግራፍ ነው፤ ለባለቤቱ ይታያል። ግራፉ ገና በመጀመሪያው ሰከንድ ገደል ከገባ ጥፋቱ የንግግሩ አይደለም፤ ማንም ምንም አልሰማምና። የምስሉ ወይም የጽሑፉ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ላይ ከወረደ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ግሡ ዘግይቷል። እስከ አምስት ጸንቶ ቆይቶ ከስድስት በኋላ ከተናደ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ሁኩ ሠርቷል፤ ቃሉን ያልጠበቀው ተከታዩ ነው።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚሆነው በ«ጉድ ተመልከቱ» ቪዲዮዎች ላይ ነው። ወያላውም እኮ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ አምስት ወንበር ባዶ ታክሲ ውስጥ ያስገባናል። አንዴ እንገባለን። ሁለተኛ ጊዜ ግን በመስኮቱ አንገታችንን አስግገን ቆጥረን ነው የምንገባው። «ሰበር» የሚለው ቃል አማርኛ ቪዲዮ ላይ የደረሰበት ዕጣ ይኸው ነው፤ ሰው ከመስማቱ በፊት በመስኮት ያያል። ችግሩ ደግሞ ለዋሹት ብቻ አልቀረም። እውነተኛ አስቸኳይ ነገር ያለው ሰውም ያንኑ ቃል ይዞ ሲመጣ አይታመንም።

አምስቱ ሰከንድ የማይችለውንም እንናገር። ቤት የማይከራይ ሰው ይህንን ቪዲዮ ያልፈዋል፤ ማለፍም አለበት። ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ሰው ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ አስገብቶ ምን ይጠቅማል? መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ግራፉም ያንን ያሳያል። ሱቅ የተከራየ ሰው ግን ስለ ራሱ የተወራ መስሎት ሊቆይ ይችላል፤ አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው። ይህንን ልዩነት አምስቱ ሰከንድ ውስጥ መክተት አልቻልንም፤ ቦታ የለም። ስለዚህ ስድስተኛው ሰከንድ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ቃል እሱ እንዲሆን ተስማማን፤ «የመኖሪያ ቤት ከሆነ»። ከዚያ ውሉ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደሚሆን፣ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ እንዳለበት ትናገራለች። ከዚያ በኋላ፣ ሠላሳ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ፣ «ሰላም ሰንብቱ» ትላለች።

ሰላምታው አልቀረም። ሰው መቆየቱ ከታወቀ በኋላ መጣ እንጂ።